ቢ እና ዲ አንድ ናቸው

ፎቶው የደረሰኝ አርብ ከሰዓት ነው። መምህራን ክፍል ተቀምጬ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና አርማለሁ፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ፎቶውን የላከችው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸቤ በሚኒባስ እየመጣች ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር እኔ ቤት ባዮሎጂ የምታጠና ልጅ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ዓምና ወስዳ ሳይሳካላት ቀርቶ ዘንድሮ በግል ተመዝግባለች። አባቷ ሸቤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው። «ይሄ የመጨረሻሽ ነው፤ ካላለፍሽ ሱቁ ውስጥ ትገቢያለሽ» ብለዋታል። እሷ የምትፈልገው ፋርማሲ ነው። ካለፈች ፋርማሲ፣ ካላለፈች ሳሙናና ዘይት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች።

ጥያቄ በፎቶ መላክ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። መጽሐፉ ያለው አንዱ ጋ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ገጹን በስልካቸው አንስተው ይወስዳሉ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ገና ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ስልኩ ሁሉ ከፍ ይላል፤ አንዳንዴ ተማሪ ሳይሆን ጋዜጠኛ የማስተምር ይመስለኛል። ቤታቸው ሄደው ሲከብዳቸው ደግሞ ጥያቄውን አንስተው ግሩፓችን ላይ ይለቁታል፤ እኔም ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ይህች የሸቤዋ ልጅ በፎቶ ከሁሉም ትብሳለች። ግማሽ ገጽ የማትሞላ ወረቀት እንኳ ብሰጣት መጀመሪያ ታነሳታለች። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ስልክ ውስጥ ነው እንዴ የበቀለው?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም ከሁሉም ጋር ትስቃለች።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው። አረንጓዴ ቅጠል ቀንና ሌሊት ምን እንደሚያካሂድ ይጠይቃል። ኤ፣ ቀን ፎቶሲንተሲስ ብቻ፣ ሌሊት ሪስፓይሬሽን ብቻ። ቢ፣ ቀን ሁለቱንም፣ ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ብቻ። ሲ፣ ቀን ሪስፓይሬሽን ብቻ፣ ሌሊት ሁለቱንም። ዲ፣ ቀን ሁለቱንም፣ ሌሊት ሪስፓይሬሽን ብቻ።

ትምህርቱን ለረሳ ሰው ላስታውስ። ፎቶሲንተሲስ ተክሉ በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ነው። ሪስፓይሬሽን ደግሞ ሴሉ ያንን ምግብ አፍርሶ ጉልበት የሚያወጣበት ነው፤ ተክሉ በሕይወት እስካለ ድረስ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ስለዚህ መልሱ ዲ ነው። ይህን ጥያቄ ያወጣው መምህር ማንን ሊያጠምድ እንደፈለገም አውቃለሁ፤ «ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ሌሊት ሪስፓይሬሽን» ብሎ የሸመደደውንና ኤ ላይ ዘሎ የሚወጣውን ግማሽ ክፍል ነው።

ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ቲቸር፣ ቢ እና ዲ አንድ ናቸው፤ እርስዎ እንዳሉት ሁለቱንም ሰረዝኳቸው። ሲ አይሆንም፣ ቀን ብርሃን እያለ ፎቶሲንተሲስ አይቀርም። ኤም አይሆንም፣ ተክል ቀንም ሪስፓይሬሽን ያካሂዳል። መልስ የለውም። ጥያቄው ተሳስቷል?»

«እርስዎ እንዳሉት» የምትለው እውነቷን ነው። መንታ ምርጫ ካጋጠማችሁ ሁለቱንም ሰርዙ እላቸዋለሁ፤ ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ካለው፣ ሁለት ምርጫዎች አንድ ነገር ካሉ አንዳቸውም መልስ ሊሆኑ አይችሉም። ግን እነዚህ መንታ አይደሉም። ጅማሬያቸው አንድ ነው እንጂ አንዱ ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ይላል፣ ሌላው ሌሊት ሪስፓይሬሽን ይላል። የብርሃንና የጨለማ ያህል የተለያዩ ናቸው። ንዴቴ ቅርብ ነው፣ አልደብቅም። «ዓይንሽን ገልጠሽ አንብቢ» ብዬ ጻፍኩ።

ልልከው ስል ጣቴ ቆመ። ልጅቷ ኤን የሰረዘችበት ምክንያት ዲን ትክክል የሚያደርገው ራሱ ምክንያት ነው። ሲን የሰረዘችበትም እንደዚሁ። ትምህርቱን ጥርት አድርጋ ታውቃለች። እንግሊዝኛው ቢከብዳት ኖሮ ኤን እና ሲን እንዴት ተረዳች? ስንፍና ነው እንዳልል፣ የሰነፈ ሰው ለእያንዳንዱ ምርጫ ምክንያት አይጽፍም፤ ደመነፍሱን አንዱን መርጦ ይልካል። ፎቶው ደብዝዞ ይሆን ብዬ አጎላሁት። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ጥርት ያለ ነው።

የጻፍኩትን አጠፋሁና ወደ ኋላ፣ የላከቻቸውን የቆዩ ፎቶዎች ማየት ጀመርኩ። ግላይኮሊሲስ የት ይካሄዳል የሚለውን መልሳዋለች፤ እዚያ ምርጫዎቹ ገና ከመጀመሪያው ቃል ይለያያሉ። ሳይቶፕላዝም፣ ማትሪክስ፣ ስትሮማ እያሉ ነው የሚጀምሩት። ፎቶሲንተሲስ ላይ የሚለቀቀው ኦክስጅን ከምን ይመጣል የሚለውን ግን ስታዋለች። እዚያ አራቱም ምርጫ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሆነው የሚለያዩት መጨረሻ ላይ፣ «ከውሃ» ወይም «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ» በሚለው ነው። ሌላ ገለጥኩ፤ ልዩነቱ ጅራቱ ላይ ነው፣ ስታለች። ሌላም ገለጥኩ፤ ልዩነቱ ጅማሬው ላይ ነው፣ አግኝታለች። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር፤ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳለ ብቻ ነው የታወቀኝ። የዘጠነኛ ክፍሉን እርማት ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ተማሪዎቼ ሲሰበሰቡ አንድ ባዶ ካርቶን በር ላይ አስቀመጥኩ። «ዛሬ እንደ ፈተናው ቀን ነው፤ ስልክ ሁሉ እዚህ ውስጥ» አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ግን ጣሉት። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። ስልኳን ስታስቀምጥ እጇን ከካርቶኑ ውስጥ ቶሎ አላወጣችውም።

የጥያቄ ወረቀት አደልኩ። ከፊቴ የተቀመጠችው እሷ ስለሆነች የእሷን ወረቀት እኔ በያዝኩበት አቅጣጫ ዘረጋሁላት፤ ለእኔ የቀና ለእሷ የተዘቀዘቀ ነው። አገላብጣ ታነበዋለች ብዬ አሰብኩ። አላገላበጠችውም። ጣቷን መስመሩ ላይ አኑራ ከግራ ወደ ቀኝ ታስኬዳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መስመሩን ትጨርስና ጣቷን ወደ ታች ታወርዳለች። እየደጋገመች እንደዚያ አደረገች። ፊደሎቹ ተገልብጠው፣ ቁጥሮቹ ተገልብጠው፣ እሷ እንዳነበበ ሰው ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ታስባለች።

ክው ብዬ ቀረሁ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይህች ልጅ ያንን ሁሉ ቅዳሜ ከፊቴ ተቀምጣለች። ፊቴን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ ከባጃጅ ወርዳ ብቻዋን ትመጣለች። ህትመት ግን አታይም።

ሌሎቹ ልብ አላሉም፤ እንዲሉም አልፈለግኩም። «ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ዛሬ በቃል ነው» አልኩና ድምፁ የሚያስተጋባውን አንዱን ተማሪ እያንዳንዱን ጥያቄ ከነምርጫው እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዝኩት። ያን ዕለት ከሁሉም በላይ የመለሰችው እሷ ናት። ኦክስጅኑ ከምን ይመጣል የሚለው ሲነበብ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲከራከሩ፣ «ከውሃ፣ ውሃው ሲሰነጠቅ» አለች። ያው ፎቶ አንስታ የሳተችው ጥያቄ ነው። እኔ ማድነቅ አልቻልኩም።

ሁሉም ስልካቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ አስቀረኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ማል፣ ቲቸር? ምኑ?»

«ዓይንሽ።»

ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዓይኗን በጣቷ አንጓ አጥብቃ አሸች። ይህን ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መንገድ አድክሟት፣ እንቅልፍ ይዟት እያልኩ ነው የማልፈው።

«ከትንሽነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል» አለች። «ማየቱ የተበላሸው ግን አሥረኛ ክፍል ስደርስ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳው ጠፋ፤ ስልክ ስላለኝ ግድ አልሰጠኝም። ከዚያ መጽሐፉም ጠፋ። ፎቶ አንስቼ በጣም ሳጎላው ይታየኛል ቲቸር። ግን ሦስት አራት ቃል ነው ስክሪኑ የሚይዘው። ወደ ቀኝ ከገፋሁት ስመለስ የትኛው ምርጫ ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ስለዚህ የኤን ጅማሬ፣ የቢን ጅማሬ እያልኩ ወደ ታች ነው የምወርደው።»

«ዓምናስ? ፈተናው ላይ ስልክ የለም።»

«ወረቀቱ ለእኔ ግራጫ ብቻ ነበር፤ ፊደሉ አይለይም። ተደፍቼ ላነብ ስል ፈታኙ ‹ቀና በይ፣ ምን እየደበቅሽ ነው?› አለኝ። ቀና አልኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ገጽ ስትገልጥ እኔም እገልጣለሁ። ክቦቹን ዝም ብዬ አጠቆርኳቸው።»

የሀገሪቱን ትልቁን ፈተና፣ የዓመታት ድካሟን፣ አንዲትም ጥያቄ ሳታነብ ነው የተፈተነችው። ያ ውጤት ወጥቶ ቤተሰቡ ሁሉ «አልቻለችም» ብሏል። እሷም አብራ አልቻልኩም ብላለች።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አባቴ ካወቀ ወደ ጅማ አይልከኝም። ‹መኪና ይገጫታል› ነው የሚለው። ለእርስዎ ደግሞ ልናገር አስቤ ነበር፣ ከዚያ በዓይኔ ሲቀልዱ ጊዜ አፈርኩ።»

ይህን ስትል በቅሬታ አልነበረም። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አባቷ ሰኞ ለሱቃቸው ዕቃ ሊገዙ ሄርማታ ገበያ ይመጣሉ። ስልክ ደውዬ ገበያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ልጅዎ ሰነፍ ናት ልላቸው የጠራኋቸው መስሏቸው ገና ከመቀመጣቸው ይሟገቱላት ጀመር። «አካም ጅርቱ ቲቸር፣ ሰላም ነው? ይች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ ወላሂ፤ መብራት እስኪጠፋ ስልኳ ላይ ነው የምታጠናው» አሉኝ። የዓይኗን ነገር ስነግራቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ከመንገድ ማዶ ቆሜ ሳያት ሰላም ሳትለኝ ታልፋለች» አሉ። «ከተማ አየችና ኮራች ብዬ ተቀይሜያት ነበር። ያ ረቢ። ልጄ ኮራችብኝ ብዬ ነበር እኮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማል ጎና? ምን እናድርግ ቲቸር?»

ምን እንደምናደርግ እኔም አላውቅም ነበር። ብቻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ወጣቷ የዓይን ሐኪም በመሣሪያው አየቻት፣ ደግማ አየቻት፣ ከዚያ የዓይኗ የፊት ጥርት ያለው ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ እየሳሳ ወደ ፊት ሾጥጧል አለችን፤ ማሸቱ አባብሶታል። ተራ መነጽር አይበቃትም። ጠንካራ ሌንስ ያስፈልጋታል፣ እሱም አዲስ አበባ ተለክቶ ነው የሚሠራው። እንዳይብስ የሚያቆም ሕክምናም አለ። ግን ከፈተናው በፊት የሚደርስ አንዱም የለም። «እንዴት ነው እስካሁን የተማረችው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ፎቶ እያነሳች» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ለማየት የተቸገረ ተፈታኝ ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው ይመደብለታል። ይህ ግን ከምዝገባው ጋር አብሮ የሚጠየቅ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ አልፏል። የሐኪሟን ማስረጃ ይዘን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ኃላፊው ቀና ብሎ አያትና «ይህች እኮ በራሷ እግር ነው የገባችው፤ ማንም አልመራትም» አለኝ። ልቤ ምን ያህል እንደነደደ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቷ ክንዴን ያዝ ስላደረጉኝ ነው ዝም ያልኩት። ሰውዬው ደንቡን ራሷ አንብባ ትረዳ ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋላት። እሷም እንደ ልማዷ ስልኳን አወጣችና ፎቶ ልታነሳው ከፍ አደረገችው።

«እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው!» አለ።

«ካላነሳሁት አላነበውም ጋሼ» አለችው፣ ስልኩን እንደያዘች።

እሱም ደነገጠ። ወረቀቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ማስረጃውን ስጡኝ አለና ወደ በላይ አካል ጻፈልን። ተመላለስን፤ ነገ ኑ ተባልን፣ ሄድን፣ ደግመን ሄድን። ፈቃዱ የመጣው ፈተናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው።

እስከዚያው እኔ በጆሮዋ አስተማርኳት። በወረቀት ላይ መሰረዝ ስለማትችል ምርጫዎቹን በግራ እጇ አራት ጣቶች ላይ አስያዝኳት። ጠቋሚ ጣት ኤ፣ መሀል ጣት ቢ፣ የቀለበት ጣት ሲ፣ ትንሿ ጣት ዲ። ሐሰት የሆነውን ስትሰማ ያንን ጣት ታጥፋለች። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አስማልኳት፦ ጅራቱን ሳትሰሚ ጣት አታጠፊም። መንታ ናቸው ያልሽውን እንደገና እስከ መጨረሻው አስነብቢ። እኔ ሳነብላት ሆን ብዬ መጨረሻውን እውጠዋለሁ፤ ጣቷን ሳታጥፍ ቀጥ አድርጋ ትጠብቀኛለች፣ «ጅራቱስ ቲቸር?» ትለኛለች።

ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ፤ አልፋለች። አባቷ ሸቤ ሆነው በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆራርጦ ግማሹን አልሰማሁትም። ሌንሱንም አስለክታለች። ግን ያንን ዓመት ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ውጤቱ አይደለም፤ ፈተናውን ጨርሳ የወጣችበት ቀን ነው።

ተፈታኞቹ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ ነው የሚፈተኑት፤ ስለዚህ ቤተሰብ የሚያገኛቸው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔና አባቷ በር ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመን ጠበቅናት። ወጣች። አባቷ ገና ከሩቅ በስሟ ጠሯት፤ ዓምና ቢሆን ቆመው ሰላምታ ይጠብቁ ነበር። ባዮሎጂውን ጠየቅኳት።

«አንባቢው ጥሩ ሰው ነው ቲቸር» አለች። «ወጣት መምህር ነው። ግን ደክሞት ነበር። አንድ ጥያቄ መጣ፣ ስለ ኦክስጅን። ኤ እና ቢ ‹ፎቶሲንተሲስ የሚለቀው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል› ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰምቼ አጠፍኳቸው። ሲ ‹ከውሃ ይመጣል፣ በሪስፓይሬሽን መጨረሻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል› ይላል። ኦክስጅኑ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮንና ሃይድሮጅን ተቀብሎ ውሃ ነው የሚሆነው፤ ሲንም አጠፍኩ። ትንሿ ጣቴ ብቻ ቀረች።»

«እሺ፣ ዲስ?»

«አላነበበልኝም። ‹ዲ ያው ነው፤ ሲን ነው የደገሙት› አለኝ።»

እዚያው በሩ ላይ፣ ሰዉ እየገፋን፣ ሁለተኛ ክው አልኩ። ደህና ዓይን ያለው ሰው፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ጅማሬውን አይቶ ጅራቱን ትቶታል። ያቺ አርብ የመጣችው ፎቶ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው። መልስ የለውም፣ ጥያቄው ተሳስቷል።

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«‹ይቅርታ፣ ዲን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ› አልኩት። ‹አንድ ናቸው አልኩሽ እኮ› አለ። ‹ጅራቱን ብቻ› አልኩት። አነበበው። ‹ከውሃ ይመጣል፣ በሪስፓይሬሽን መጨረሻ ውሃ ይሆናል።› ዲን ያጥቁሩልኝ አልኩት፣ አጠቆረልኝ።»

አባቷ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበሉላት። ባዮሎጂው ባይገባቸውም ቃል በቃል ያዳምጡ ነበር።

«ቆይቶ ግን ጠየቀኝ» አለች። «‹ወረቀቱ እኔ እጅ ነው ያለው፤ አንቺ እንዴት አወቅሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹እኔም እንደርስዎ ነበር የማነበው› አልኩት።»

ዓይኗን ልታሽ እጇን አነሳች፤ ሐኪሟ የከለከለቻት ትዝ ሲላት መልሳ አወረደችው። ከዚያ የሸቤ ሚኒባስ እንዳያመልጠን ብላ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመረች።